ዓመታዊ የብድር ወጪ ምጣኔ፦ የመድንና የወርሃዊ አገልግሎት ክፍያ በአነስተኛ የፍጆታ ብድር ላይ የሚያመጡት ለውጥ

አንድ ተበዳሪ የብድር ውል ከመፈረሙ በፊት ዘወትር የሚጠይቀው ጥያቄ «ወለዱ ስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። በአነስተኛ ብድር ላይ ከወለዱ ሌላ የብድር መድን አረቦንና በየወሩ የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያ ሲኖሩ በማስታወቂያው የተነገረው ወለድና ተበዳሪው በእርግጥ የሚሸከመው ወጪ በእጅጉ ሊራራቁ ይችላሉ። ይህን ልዩነት በአንድ ቁጥር የሚያሳየው መለኪያ ዓመታዊ የብድር ወጪ ምጣኔ ወይም ዓመታዊ የመቶኛ ምጣኔ ይባላል። ይህ ጽሑፍ ምጣኔው እንዴት እንደሚሰላ፣ መድኑና የአገልግሎት ክፍያው ስንት እንደሚጨምሩበትና ተበዳሪው ራሱ እንዴት ሊያረጋግጠው እንደሚችል በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ለሚገኙ ነዋሪዎች በሚቀርብ ምሳሌ ያስረዳል።

በሰሜን ወሎ ዞን አነስተኛ ብድር ሲነሳ ለረጅም ዓመታት የሚታወቀው ስም የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነበር። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ባንክነት ተሸጋግሮ ፀደይ ባንክ ተብሏል። ዛሬ የዞኑ ርዕሰ ከተማ በሆነችው በወልድያ፣ እንዲሁም የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በመርሳ የሚኖር ሰው ከባንክ፣ ከአነስተኛ የፋይናንስ ተቋም፣ ከሠራተኞች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በሞባይል ስልክ አማካይነት ብድር ሊያገኝ ይችላል። እያንዳንዱ አበዳሪ ዋጋውን የሚገልጽበት መንገድ ይለያያል። አንዱ ወለድ ብቻ ይናገራል፤ ሌላው ዝቅተኛ ወለድ ጠርቶ ክፍያዎችን በተናጠል ያስቀምጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ወለድ የሚለውን ቃል ጨርሶ ሳይጠቀም የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ያስከፍላል። እነዚህን በአንድ ሚዛን ላይ ሳያስቀምጡ ማወዳደር አይቻልም።

ከዚህ በታች የሚቀርቡት አኃዞች ስሌቱን ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የማንኛውም ተቋም ይፋዊ ታሪፍ አይደሉም። አንባቢው በራሱ ውል ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች በምሳሌው ቁጥሮች ምትክ አስገብቶ ስሌቱን ሊደግመው ይችላል።

የአንዲት መምህርት ብድር

በመርሳ የምታስተምር አንዲት መምህርት ለቤቷ ማቀዝቀዣ ለመግዛት 12,000 ብር ለመበደር ታስባለች እንበል። አበዳሪው የሚያቀርብላት ውል እንዲህ ይላል፦ ብድሩ በ12 ወራት በእኩል ክፍያ ይመለሳል፤ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ሆኖ በቀሪ ዕዳ ላይ ይሰላል፤ የብድር መድን አረቦን የብድሩ 2 በመቶ ሲሆን ገንዘቡ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፤ በየወሩ 25 ብር የአገልግሎት ክፍያ ይከፈላል።

በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላ ወለድ ማለት ተበዳሪው በየወሩ ወለድ የሚከፍለው ገና ባልመለሰው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። ዓመታዊው 18 በመቶ ለ12 ሲካፈል በወር 1.5 በመቶ ይሆናል። በዚህ ምጣኔ 12,000 ብርን በ12 ወራት ለመጨረስ የሚያስፈልገው እኩል ወርሃዊ ክፍያ 1,100.16 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 180 ብሩ ወለድ ሲሆን 920.16 ብሩ ዋናውን ገንዘብ ይቀንሳል፤ ቀሪ ዕዳውም 11,079.84 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ወር ወለዱ ወደ 166.20 ብር ይወርዳል። በዚሁ አኳኋን እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻው ወር ወለዱ 16 ብር ከ26 ሳንቲም ብቻ ነው። መምህርቷ በዓመቱ ውስጥ በጠቅላላው የምትከፍለው ወለድ 1,201.92 ብር ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ የብድሩ ዋጋ በእርግጥ 18 በመቶ ነው። መድኑና የአገልግሎት ክፍያው ሲገቡ ግን ሁለት ነገሮች ይለወጣሉ። አንደኛ፣ የመድኑ 240 ብር አስቀድሞ ስለሚቆረጥ መምህርቷ እጅ የሚገባው 12,000 ሳይሆን 11,760 ብር ነው። ወለዱ ግን አሁንም የሚሰላው በ12,000 ብር ላይ ነው፤ ማለትም ባልተቀበለችው 240 ብር ላይም ወለድ ትከፍላለች። ማቀዝቀዣው የሚሸጠው በ12,000 ብር ከሆነም የጎደለውን ከሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርባታል። ሁለተኛ፣ በየወሩ ከእጇ የሚወጣው ገንዘብ 1,100.16 ሳይሆን 1,125.16 ብር ይሆናል።

ዓመታዊ የብድር ወጪ ምጣኔ የሚመልሰው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ አንድ ሰው 11,760 ብር ተቀብሎ በየወሩ 1,125.16 ብር ለ12 ወራት ቢከፍልና ዕዳው በመጨረሻው ክፍያ ልክ ባዶ ቢሆን፣ በወር ስንት በመቶ ወለድ ቢከፍል ነው? መልሱ በወር 2.19 በመቶ ገደማ ነው። ይህ በ12 ሲባዛ ዓመታዊ ምጣኔው 26.3 በመቶ ይመጣል። በማስታወቂያው 18 በመቶ የተባለው ብድር ሁሉም ክፍያዎች ሲቆጠሩ 26.3 በመቶ ሆነ ማለት ነው።

ጭማሪው ከየት እንደመጣ ለይቶ ማየትም ይቻላል። የመድኑ አረቦን ብቻ ቢኖር ምጣኔው 21.9 በመቶ ይሆን ነበር። ወርሃዊው የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ቢኖር ደግሞ 22.4 በመቶ ገደማ ይደርስ ነበር። ሁለቱም ሲደመሩ 8 ነጥብ ያህል ያሳድጉታል።

ጥቂት ብር ምጣኔውን ለምን ይህን ያህል ከፍ ያደርገዋል?

ብዙ ተበዳሪዎች በዚህ ላይ ግር ይላቸዋል፤ ግርታቸውም ምክንያት አለው። የመድኑ 240 ብርና የአሥራ ሁለቱ ወራት የአገልግሎት ክፍያ 300 ብር ሲደመሩ 540 ብር ናቸው። 540 ብር ከ12,000 ብር ጋር ሲነጻጸር 4.5 በመቶ ብቻ ነው። ታዲያ ምጣኔው ከ18 ወደ 22.5 በመቶ ማደግ ሲገባው ለምን ወደ 26.3 በመቶ ያድጋል?

ምክንያቱ መምህርቷ 12,000 ብሩን ዓመቱን ሙሉ ይዛው አለመቆየቷ ነው። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ እየመለሰች ነው። ስድስት ክፍያዎችን ከፈጸመች በኋላ የቀረባት ዕዳ 6,267.82 ብር ብቻ ነው። በዓመቱ ውስጥ በአማካይ በእጇ የነበረው የብድር ገንዘብ ሲሰላ 6,677 ብር ገደማ ይመጣል። ክፍያዎቹ መመዘን ያለባቸው በዚህ መጠን ነው። 540 ብር ከ6,677 ብር ጋር ሲነጻጸር 8.1 በመቶ ይሆናል፤ ይህም ከላይ ከተገኘው ጭማሪ ጋር ይቀራረባል። ወለዱ ዕዳው ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል፤ 25 ብሩ ግን ዕዳው 12,000 ሲሆንም 1,000 ብር ሲቀርም ያው 25 ብር ነው። በመጨረሻው ወር ላይ የአገልግሎት ክፍያው ከወለዱ ይበልጣል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር አነስተኛ ገንዘብ የሚበደሩትን በተለይ ይመለከታል። በዚያው ውል፣ በዚያው 18 በመቶ ወለድ፣ በዚያው 2 በመቶ አረቦንና በዚያው የ25 ብር ወርሃዊ ክፍያ አንድ ሰው 12,000 ሳይሆን 3,000 ብር ቢበደር ምጣኔው ወደ 39.2 በመቶ ያሻቅባል። አረቦኑ በመቶኛ ስለሆነ ከብድሩ ጋር አብሮ ወደ 60 ብር ወርዷል፤ የአገልግሎት ክፍያው ግን አልወረደም። በዚህ ብድር ላይ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ተበዳሪው ለአገልግሎት የሚከፍለው ለወለድ ከሚከፍለው ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ተቋም «ለሁሉም ደንበኛ እኩል ዋጋ እናስከፍላለን» ሲል የተናገረው እውነት ሆኖ ሳለ ከፍተኛውን ዋጋ የሚከፍለው ትንሹን የተበደረው ሰው ሊሆን ይችላል።

የብድሩ ጊዜ ማጠርም ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ እዚህ ላይ ግን የሚከብደው መድኑ ነው። መምህርቷ 12,000 ብሩን በ12 ሳይሆን በ6 ወራት ለመመለስ ብትዋዋልና አረቦኑ ያው 240 ብር ቢሆን ወርሃዊ ክፍያዋ የአገልግሎቱን ጨምሮ 2,131.30 ብር፣ ዓመታዊ ምጣኔው ደግሞ 29.4 በመቶ ይሆናል። በብር ሲቆጠር ያነሰ ትከፍላለች። ለእያንዳንዱ ብርና ለእያንዳንዱ ወር የምትከፍለው ዋጋ ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ አረቦኑ ለብድሩ ዘመን ተመጥኖ የተቆረጠ ነው ወይስ ለአጭሩም ለረጅሙም ብድር አንድ ዓይነት ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለት ውሎችን ማወዳደር

አሁን መምህርቷ ወደ ወልድያ ሄዳ ከሌላ አበዳሪ ዋጋ ጠየቀች እንበል። ይህ አበዳሪ «ወለዳችን 14 በመቶ ነው፤ የመድንም ሆነ የአገልግሎት ክፍያ የለም» ይላታል። ይሁንና ወለዱ የሚሰላው በቀሪ ዕዳ ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው የብድር መጠን ላይ ነው። ይህ አሠራር በተለምዶ ፍላት ወለድ የሚባለው ነው። የ12,000 ብር 14 በመቶ 1,680 ብር ሆኖ በዋናው ገንዘብ ላይ ይደመርና 13,680 ብሩ ለ12 ይካፈላል። ወርሃዊ ክፍያው 1,140 ብር ይሆናል።

ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ የተመለከተ ሰው 14 ከ18 ያንሳል ብሎ የወልድያውን ይመርጣል። ስለ ፍላት ወለድ የሰማ ሰው ደግሞ ወዲያውኑ ይጠራጠራል፤ ፍላት ወለድ በቀሪ ዕዳ ላይ ከሚሰላው በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ያውቃልና። ጥርጣሬውም ትክክል ነው፦ የዚህ ብድር ዓመታዊ ምጣኔ ሲሰላ 24.9 በመቶ ነው። ይህ ሰው 24.9 ከ18 እንደሚበልጥ አይቶ የመርሳውን ውል ይመርጥ ይሆናል። ነገር ግን የመርሳው ውል ዋጋ 18 ሳይሆን 26.3 በመቶ ነው። ስለዚህ የወልድያው በጥቂቱ ይረክሳል። በወር የሚከፈለው ገንዘብም ወደ ስህተት ሊመራ ይችላል፤ የመርሳው 1,125.16 ብር ከወልድያው 1,140 ብር ያነሰ ይመስላል። ከመርሳው አበዳሪ እጅ የሚገባው ግን 11,760 ብር ሲሆን ከወልድያው 12,000 ብር ሙሉ ነው። ወለድንና ክፍያን በአንድነት ያልቆጠረ ንጽጽር፣ ግማሹን እውነት ያወቀውንም ሰው ያሳስታል።

መንገዱን ግን መርሳት አይገባም። ዓመታዊ ምጣኔው አበዳሪው የሚቀበለውን ክፍያ እንጂ ተበዳሪው ለመጓጓዣ የሚያወጣውን አይቆጥርም። ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ወይም ከመርሳ በየወሩ ወደ ወልድያ ቅርንጫፍ እየተመላለሰ የሚከፍል ሰው ለደርሶ መልስ 60 ብር ቢያወጣ በዓመት 720 ብር ያጠፋል፤ ይህም ከመርሳው ውል መድንና የአገልግሎት ክፍያ ድምር ይበልጣል። ክፍያው ከደመወዝ በቀጥታ የሚቆረጥ ወይም በስልክ የሚላክ ከሆነ ይህ ወጪ አይኖርም፤ ካልሆነ ግን በ1.4 ነጥብ የሚረክስ ብድር ፍለጋ ወልድያ ድረስ መመላለስ አያዋጣም።

ስሌቱን በእጅና በኮምፒውተር ማረጋገጥ

ትክክለኛው ምጣኔ የሚገኘው በተደጋጋሚ ሙከራ ነው፤ አንድ ወርሃዊ ምጣኔ ይገመታል፣ ዕዳው በ12ኛው ወር ባዶ መሆን አለመሆኑ ይታያል፣ ግምቱም ይስተካከላል። ኮምፒውተር ወይም ዘመናዊ ስልክ ያለው ሰው ይህን ሥራ ለኤክሴል ሊተወው ይችላል። የመርሳው ውል በኤክሴል እንዲህ ይጻፋል፦

```
=RATE(12,-1125.16,11760)*12
```

የመጀመሪያው ቁጥር የክፍያዎቹ ብዛት፣ ሁለተኛው የአገልግሎት ክፍያውን ጨምሮ በየወሩ የሚወጣው ገንዘብ፣ ሦስተኛው እጅ የገባው ገንዘብ ነው። ከወርሃዊው ክፍያ ፊት የመቀነስ ምልክት የሚደረገው ገንዘቡ ከተበዳሪው የሚወጣ በመሆኑ ነው። በሦስተኛው ቦታ በውሉ የተጻፈውን 12,000 ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው፤ ይህን ያደረገ ሰው መድኑን ከስሌቱ አወጣው ማለት ነው።

ካልኩሌተር ብቻ ያለው ሰው በግምት ሊደርስበት ይችላል። በመጀመሪያ ወለዱን፣ የመድኑን አረቦንና የአገልግሎት ክፍያዎቹን ሁሉ ይደምራል፤ በምሳሌያችን 1,201.92፣ 240 እና 300 ብር ተደምረው 1,741.92 ብር ይሆናሉ። ይህን በ24 ያባዛል፤ 41,806 ብር ገደማ ያገኛል። ከዚያም እጅ የገባውን 11,760 ብር ከክፍያዎቹ ብዛት አንድ በሚበልጠው ቁጥር፣ ማለትም በ13 ያባዛል፤ 152,880 ብር ያገኛል። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 27.3 በመቶ ይመጣል። ይህ ዘዴ ከትክክለኛው ምጣኔ በአንድ ነጥብ ገደማ ከፍ ያለ ውጤት ይሰጣል፤ ምጣኔው በጣም ከፍ ባለ ቁጥርም ልዩነቱ ይሰፋል። ሁለት ውሎችን ለማወዳደር፣ ወይም የብድር ባለሙያው የነገረን ቁጥር ከእውነት የራቀ መሆን አለመሆኑን ለማየት ግን በቂ ነው። ዘዴው የሚሠራው በየወሩ እኩል ለሚከፈል ብድር ብቻ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ምርት ሲሰበሰብ በአንድ ጊዜ ለሚመለስ የገበሬ ብድር አይሆንም፤ በዚያ ጊዜ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ በተበዳሪው እጅ ስለሚቆይ ተመሳሳይ ክፍያዎች የሚያስከትሉት ጫና ይቀንሳል።

የወር ምጣኔን ወደ ዓመት በመለወጥ ረገድ ሁለት ልማዶች እንዳሉም ማወቅ ይጠቅማል። በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የብድር እውነተኛ ገለጻ ሕግ የወሩን ምጣኔ በ12 ማባዛትን ይከተላል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሸማቾች ብድር መመሪያ ደግሞ ወለዱ በወለድ ላይ እየተጠራቀመ እንደሚሄድ አድርጎ ያሰላል። የመምህርቷ ብድር በመጀመሪያው ልማድ 26.3፣ በሁለተኛው 29.7 በመቶ ይባላል። ብድሩ ያው ነው። ሁለት አበዳሪዎችን ስናወዳድር ግን ሁለቱንም በአንድ ልማድ ማስላት ይኖርብናል።

መድኑ በምጣኔው ውስጥ የሚገባው መቼ ነው?

ይህ ጥያቄ በብዙ አገሮች ሲያከራክር የኖረ ነው። የአውሮፓው መመሪያ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው፦ መድኑን ሳይገቡ ብድሩን ማግኘት ወይም በተነገረው ዋጋ ማግኘት የማይቻል ከሆነ አረቦኑ የብድሩ ዋጋ አካል ሆኖ ይቆጠራል። በአሜሪካ ሕግም የብድር መድን አረቦን ከምጣኔው ውጭ የሚሆነው መድኑ በፈቃደኝነት የሚገባ መሆኑ ለተበዳሪው በግልጽ ሲነገረውና እርሱም መርጦ ሲስማማ ነው። መለያው የክፍያው ስም ሳይሆን ግዴታነቱ ነው።

በተግባር ይህን ለመለየት ለብድር ባለሙያው «መድኑን ባልገባ ብድሩን በዚሁ ዋጋ አገኛለሁ?» የሚል አንድ ጥያቄ ማቅረብ ይበቃል። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ አረቦኑ በማንኛውም ስም ቢጠራ ወጪው የብድሩ ነው። ይህ ሲባል መድኑ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ተበዳሪው ቢሞት ቀሪውን ዕዳ መድኑ የሚሸፍን ከሆነ ቤተሰቡና ዋሶቹ ከዕዳ ይድናሉ፤ ለባልንጀራው ዋስ የሆነ ሠራተኛ ይህን በሚገባ ይረዳዋል። ነገር ግን የሚሸፈነው ቀሪው ዕዳ ከሆነ ሽፋኑ በየወሩ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ አረቦኑ ግን በመጀመሪያው መጠን አስቀድሞ እንደተከፈለ ልብ ይሏል። የመድን ሰነዱ ቅጂ ለቤተሰቡ ሊሰጥ ይገባል። መድን መኖሩን የማያውቅ ቤተሰብ ካሳውን ሊጠይቅ አይችልምና፣ ሟች አረቦኑን የከፈለበትን ዕዳ ዋሶች ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ሊገደዱ ይችላሉ።

ወለድ የሚል ቃል የሌለባቸው ብድሮችም በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ። በሞባይል ስልክ የሚገኝ የ1,000 ብር ብድር በ30 ቀናት ውስጥ ከ50 ብር የአገልግሎት ክፍያ ጋር የሚመለስ ከሆነ ወጪው ለወሩ 5 በመቶ፣ በዓመት ሲታሰብ ደግሞ 61 በመቶ ገደማ ነው። 50 ብሩ አስቀድሞ ተቆርጦ 950 ብር ብቻ እጅ ቢገባ ምጣኔው ወደ 64 በመቶ ይደርሳል። ለአስቸኳይ ጉዳይ አንድ ጊዜ የወሰደው ሰው ያወጣው 50 ብር ብቻ ነው፤ በየወሩ እየመለሰ እንደገና የሚበደር ሰው ግን የዓመቱን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። በወልድያና በመርሳ ብዙ ደንበኞች የሚመርጡት ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ የሚሸጥበት ሥርዓት በመሆኑ በሃይማኖትም በሕግም ከብድር የተለየ ነው። ደንበኛው የጥሬ ገንዘብ ዋጋውንና የክፍያ ዋጋውን ለማነጻጸር ከፈለገ ግን ይኸው ስሌት ያገለግለዋል።

ከመፈረም በፊትና ቅሬታ ሲኖር

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ለፋይናንስ ተቋማት ደንበኞች ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። ተበዳሪው እነዚህን ጠቅሶ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ እነርሱም ከማንኛውም ተቀናሽ በኋላ እጁ የሚገባው ገንዘብ፣ ክፍያዎች ሁሉ ተደምረው በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብና የክፍያዎቹ ብዛት ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ምጣኔውን ማንም ሰው ሊያሰላው ይችላል፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ግን የብድር ባለሙያውም ቢሆን አያሰላውም።

ከግለሰብ ለሚወሰድ ብድር የተለየ ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2479 ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ የሚበልጥ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል። የባንኮችና የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት የብድር ወለድ ግን በብሔራዊ ባንክ ሥርዓት የሚመራ በመሆኑ ተበዳሪው በባንክ የተጠየቀው ወለድ ከ12 በመቶ በመብለጡ ብቻ ሕገወጥ ነው ብሎ ሊደመድም አይገባም።

ገንዘቡ ከተለቀቀ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው የመልቀቂያ ደረሰኙ ነው። በደረሰኙ ላይ ያለው መጠን በውሉ ላይ ከተጻፈው የሚያንስ ከሆነ ልዩነቱ በምን እንደተቆረጠ ዝርዝር ሊጠየቅ ይገባል። በመጀመሪያው ወር ከደመወዝ የተቆረጠው ገንዘብ ከክፍያ ሠንጠረዡ በጥቂት ብርም ቢሆን የሚበልጥ ከሆነ በሠንጠረዡ ያልተካተተ ወርሃዊ ክፍያ አለ ማለት ነው፤ 25 ብር ለአንድ ወር ባይታወቅም በምሳሌያችን እንደታየው ምጣኔውን ከአራት ነጥብ በላይ ያሳድጋል። ቅሬታ ያለው ደንበኛ በቅድሚያ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ ያመለክታል፤ ማመልከቻው የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም በቅጂው ላይ ያስደርጋል። በቅርንጫፉ ምላሽ ካልረካ ለተቋሙ ዋና መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሊያቀርብ ይችላል። ከማመልከቻው ጋር የውሉ ቅጂ፣ የክፍያ ሠንጠረዡ፣ የመልቀቂያ ደረሰኙ፣ የመድን ሰነዱና ቢያንስ የሁለት ወራት የክፍያ ማስረጃ ይያያዛሉ።